በተሳሳተ ኔትወርክ የተላከ ዩኤስዲቲ ይመለሳል ወይ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከኮዬ ፈጬ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባሉት ኮንዶሚኒየሞች ቤታቸው ቁጭ ብለው ለውጭ ደንበኛ የሚሠሩ ልጆች አሉ። አንዱ ቪዲዮ ይቆርጣል፣ አንዷ ሎጎ ትሠራለች፣ ሌላው ዌብሳይት ይጠግናል። ክፍያው አንዳንዴ በዩኤስዲቲ ይመጣል። ከዚያ አንድ ቀን ደንበኛው "ልኬያለሁ" ይላል፣ ማስረጃውንም ያሳያል፣ ዋሌቱ ግን ባዶ ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች እንዲህ ያለ ነገር የገጠማቸው ሰዎች የሚጠይቋቸው ናቸው። ወሬያችን በዋናነት በ0x ስለሚጀምሩ አድራሻዎች ነው፤ ብዙው ስህተት የሚፈጠረው እዚያ ላይ ስለሆነ።

አድራሻው በትክክል የእኔ ነው። ታዲያ ገንዘቡ የት ገባ?

እዚያው አድራሻ ላይ ገብቷል። ግን በሌላ ኔትወርክ።

በ0x የሚጀምር አድራሻ ከ0x በኋላ 40 ቁጥሮችና ፊደሎች አሉት። የሚሠራው ከዋሌታችሁ ምስጢራዊ ቁልፍ ነው። በውስጡ "እኔ የኢቴሬም ነኝ" ወይም "የፖሊጎን ነኝ" የሚል ምንም ምልክት የለም። ኢቴሬም፣ ቢኤንቢ ስማርት ቼይን፣ ፖሊጎን፣ አርቢትረም፣ ቤዝ ሁሉም አድራሻን የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ስሌት ነው። ስለዚህ አንድ ቁልፍ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት አድራሻ ይሰጣል።

መዝገባቸው ግን የየራሳቸው ነው። አንድ ሰው በሁለት ዕድር በአንድ ስም ቢመዘገብ፣ ለአንደኛው ዕድር የከፈለው በሌላኛው መዝገብ ላይ አይታይም። የእናንተም ዋሌት እያሳያችሁ ያለው የኢቴሬምን መዝገብ ሲሆን፣ ገንዘቡ የተጻፈው የቢኤንቢ ስማርት ቼይን መዝገብ ላይ ነው። ላኪው BEP20 የሚለውን፣ ማለትም ቢኤንቢ ስማርት ቼይንን፣ የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ክፍያው ከ ERC20፣ ማለትም ከኢቴሬም፣ ስለሚረክስ ነው። ሲስተሙም አያስቆመውም፤ አድራሻው በሁለቱም ላይ ትክክለኛ ነውና።

እና ይመለሳል ወይስ አይመለስም?

መልሱ በአንድ ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል፦ ገንዘቡ በደረሰበት ኔትወርክ ላይ የዚያ አድራሻ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ቁልፉ በእናንተ እጅ ከሆነ፣ ማለትም ሜታማስክ ወይም ትረስት ዋሌት ላይ ቁልፉን የሚወክሉ የራሳችሁ 12 ቃላት ካሏችሁ፣ ገንዘቡ አልጠፋም። ማንንም መለመን አያስፈልጋችሁም። ቁልፉ እንደ ቢናንስ ባለ ኤክስቼንጅ እጅ ከሆነ፣ መመለሱ በእነሱ ፈቃድና አቅም ላይ ይቆማል። አድራሻው ቁልፍ የሌለው የኮንትራት፣ ማለትም ኔትወርኩ ላይ የተጫነ ፕሮግራም፣ አድራሻ ከሆነ ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀልጦ ቀርቷል።

ስንት ብር እንደተላከ፣ ማን እንዳጠፋ፣ ስንት ጊዜ እንደለመናችሁ ይህንን አይቀይረውም።

መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ከላኪው TXID፣ ማለትም የዝውውሩን መለያ፣ ተቀበሉ። ስክሪንሾት ሳይሆን ጽሑፉን ራሱን። በ0x ይጀምርና 64 ቁጥርና ፊደል ይከተለዋል። ከዚያ ላኪው የመረጠውን ኔትወርክ ስም ጠይቁ። BEP20 ካለ bscscan.com፣ ERC20 ካለ etherscan.io፣ ፖሊጎን ካለ polygonscan.com ላይ ገብታችሁ TXID-ውን ፈልጉ። ላኪው ኔትወርኩን ካላስታወሰ blockscan.com ላይ የራሳችሁን አድራሻ አስገቡ። ብዙዎቹን ኔትወርኮች በአንድ ጊዜ ያያል።

ስታገኙት መጀመሪያ Status የሚለውን እዩ። Success ካላለ ገንዘቡ ከላኪው አልወጣም፤ ወሬው ሌላ ነው።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ቦታ አለ። ከላይ To በሚለው ላይ የእናንተ አድራሻ የለም። የማታውቁት ሌላ አድራሻ ተጽፏል። "ለሌላ ሰው ልኮታል!" ተብሎ ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አይደለም። ዩኤስዲቲ ሲላክ ትዕዛዙ የሚሄደው ወደ ዩኤስዲቲ ኮንትራት ነው፤ To ላይ የሚታየውም እሱ ነው። እውነተኛው ተቀባይ ያለው ወረድ ብሎ Tokens Transferred በሚለው መስመር ላይ ነው። እዚያ የእናንተን አድራሻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስተያዩ። የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን አራት ፊደሎች ብቻ አይታችሁ አትለፉ። አጭበርባሪዎች ጫፎቹ የሚመሳሰሉ አድራሻዎችን ሆን ብለው ይሠራሉ።

ላኪው ኤክስቼንጅ ሊመልሰው አይችልም?

በኤክስቼንጁ ገጽ ላይ ገና በሂደት ላይ ከሆነና TXID ካልወጣለት፣ አንዳንድ ጊዜ መሰረዝ ይቻላል። TXID ከወጣና ከተረጋገጠ በኋላ ግን አይችልም። የባንክ ዝውውር አይደለም፤ የሚመልስ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የለውም።

ቁልፉ በእኔ እጅ ነው። እንዴት ላውጣው?

አንድ ጉዳይ በዝርዝር እንይ። የኮዬ ፈጬ ልጅ ነው፤ ቪዲዮ ይቆርጣል። ደንበኛው 150 ዩኤስዲቲ ሊከፍለው ነበር። ልጁ የሜታማስክ አድራሻውን ሰጠ፣ ኔትወርክ ግን አልነገረውም። ደንበኛው ከኤክስቼንጅ በ BEP20 ላከ። የልጁ ሜታማስክ ኢቴሬም ላይ ስለነበር ዜሮ አሳየው።

በ bscscan.com ሲታይ Success ይላል፤ ተቀባዩ የልጁ አድራሻ ነው፤ መጠኑም 150 ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ገንዘቡን "ማስመለስ" ሳይሆን ዋሌቱ ትክክለኛውን መዝገብ እንዲያነብ ማድረግ ነው። ሜታማስክ ላይ የኔትወርክ ዝርዝሩን ከፍቶ BNB Smart Chain የሚለውን መምረጥ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ በእጅ የሚገባው ይህ ነው፦

```
Network name: BNB Smart Chain
RPC URL: https://bsc-dataseed.bnbchain.org
Chain ID: 56
Symbol: BNB
Explorer: https://bscscan.com
```

ኔትወርኩ ከገባ በኋላም ዩኤስዲቲው ላይታይ ይችላል። ዋሌቱ የትኛውን ቶክን ማሳየት እንዳለበት ካላወቀ የኮንትራት አድራሻውን ማስገባት ያስፈልጋል። በቢኤንቢ ስማርት ቼይን ላይ ያለው የዩኤስዲቲ ኮንትራት ይህ ነው፦

```
0x55d398326f99059fF775485246999027B3197955
```

እኔ ስለጻፍኩት ብቻ አትመኑ። TXID-ውን የከፈታችሁበት ገጽ ላይ የቶክኑን ስም ብትነኩ ያው ኮንትራት ይከፈትላችኋል፤ ከዚያ ቅዱት። እግረ መንገዴን ልበል፦ ይህ ዩኤስዲቲ ቴተር የተባለው ድርጅት በኢቴሬም ላይ ካወጣው ጋር አንድ አይደለም። ቢናንስ ከቴተሩ ዩኤስዲቲ ጋር አቻ አድርጎ ያወጣው ነው። ዋጋው ያው ነው፣ ኮንትራቱ ግን ሌላ ነው። የኢቴሬሙን የኮንትራት አድራሻ እዚህ ብታስገቡ ምንም አይመጣላችሁም።

ትረስት ዋሌት ላይ ይቀላል። ቶክኖችን የሚያስተዳድረውን ገጽ ከፍታችሁ፣ USDT ብላችሁ ፈልጋችሁ፣ BNB Smart Chain የሚለውን ማብራት ብቻ ነው።

የልጁ 150 ታየ። ታዲያ አልወጣም። ቀጣዩ ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ገንዘቡ ይታየኛል፣ ለመላክ ስል ግን እምቢ ይላል። ለምን?

የጋዝ ክፍያ ስለሌላችሁ ነው። በየኔትወርኩ ማንኛውም ዝውውር የሚከፈለው በዚያ ኔትወርክ የራሱ ሳንቲም ነው። በቢኤንቢ ስማርት ቼይን በቢኤንቢ፣ በፖሊጎን በፖል፣ በአርቢትረምና በቤዝ በኢተር። ተራ ዋሌት ውስጥ 150 ዩኤስዲቲ ይዛችሁ ቢኤንቢ ከሌላችሁ አንዲት ሳንቲም ማንቀሳቀስ አትችሉም።

የሚያስፈልገው ግን በጣም ትንሽ ነው። አንድ የዩኤስዲቲ ዝውውር ወደ 65,000 የጋዝ አሃድ ቢፈጅና የአንዱ አሃድ ዋጋ 1 gwei፣ ማለትም የአንድ ቢኤንቢ ቢሊዮንኛ፣ ቢሆን፣ ስሌቱ 0.000065 ቢኤንቢ ይመጣል። 0.001 ቢኤንቢ ካላችሁ ከአንድ በላይ ዝውውር ትሠሩበታላችሁ። ችግሩ መጠኑ ሳይሆን ማግኘቱ ነው። ኤክስቼንጆች ዝቅተኛ የማውጫ መጠን ስላላቸው ይህችን ታህል ለብቻዋ ላያወጡላችሁ ይችላሉ። ቢኤንቢ ያለው የሚታመን ጓደኛ ካለ ከዋሌቱ ይላክላችሁ። ሲልክም በ BEP20 መሆኑን ያረጋግጥ፤ አለዚያ አንድ የጠፋ ነገር ሁለት ይሆናል።

የኮዬ ፈጬው ልጅ ቢኤንቢዋን ከጓደኛው ካገኘ በኋላ ዩኤስዲቲውን ወደ ኤክስቼንጅ አካውንቱ ላከ። ሲልክ ኤክስቼንጁ ላይ የማስገቢያ ኔትወርኩን BEP20 ብሎ መርጦ፣ ከዚያ ገጽ ላይ አድራሻውን ቀድቶ ነው። ወደ ኢቴሬም የሚያሻግር ብሪጅ መፈለግ አላስፈለገውም። ብዙ ሰው "ወደ ትክክለኛው ኔትወርክ ልመልሰው" ብሎ ብሪጅ ላይ ይገባና የኢቴሬም ጋዝ ይበላዋል። መሸጥ ከሆነ ዓላማችሁ አያስፈልግም።

አንድ ምልክት ግን ልብ በሉ። የላካችሁት ቢኤንቢ በገባ በሰከንዶች ውስጥ ወደማታውቁት አድራሻ ከወጣ፣ 12 ቃላችሁ ቀድሞ ተሰርቋል ማለት ነው። ጋዝ ሲገባ ጠብቆ የሚያጸዳ ፕሮግራም ተተክሎባችኋል። ሌላ ቢኤንቢ አትጨምሩበት።

ገንዘቡ የገባው ኤክስቼንጅ ወደሰጠኝ አድራሻ ነው። ምን ተስፋ አለኝ?

እዚህ ላይ "የእኔ አድራሻ" የሚለው አነጋገር ያሳስታል። አድራሻው ለእናንተ ተመደበ እንጂ ቁልፉ የኤክስቼንጁ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት የለገጣፎ ልጅ ከዋሌቷ በፖሊጎን ዩኤስዲቲ ላከች። የላከችበት አድራሻ ኤክስቼንጁ ለኢቴሬም የሰጣት ነው። ሊሆን የሚችለው ከሦስት አንዱ ነው።

ኤክስቼንጁ ዩኤስዲቲን በፖሊጎንም የሚቀበልና ለሁለቱም ኔትወርክ አንድ አድራሻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ምንም ስህተት አልተፈጠረም። ማረጋገጫው ሲሞላ ራሱ ይገባል። ብዙዎቹ ትላልቅ ኤክስቼንጆች በ0x ለሚጀምሩት ኔትወርኮች አንድ አድራሻ ነው የሚሰጡት። ስለዚህ ከመደንገጣችሁ በፊት የማስገቢያ ገጹን ክፈቱና ኔትወርኩን ፖሊጎን ላይ አድርጉት። የሚመጣው አድራሻ ያው ከሆነ ጠብቁ።

ኤክስቼንጁ ፖሊጎንን የሚያውቅ ሆኖ ያንን ቶክን ግን በዚያ የማይቀበል ከሆነ፣ ወይም አድራሻው የተለያየ ከሆነ፣ ጥሩ ዕድል አለ። መሣሪያው አላቸው፤ የሚቀረው የሠራተኛ ሥራ ነው። አንዳንዶቹ በገጻቸው ላይ ያልገባ ገንዘብ መጠየቂያ ቅጽ አላቸው።

ኤክስቼንጁ ያንን ኔትወርክ ጭራሽ የማይደግፍ ከሆነ ዕድሉ ቀጭን ነው። ቁልፉ በመርህ ደረጃ ይሠራል። ግን ለ200 ወይም ለ300 ዶላር ብለው በጥንቃቄ የተዘጋ የቁልፍ ማከማቻ ከፍተው፣ በማያውቁት ኔትወርክ ላይ ፊርማ እንዲያደርጉ መጠበቅ ከባድ ነው። በእነሱ ዓይን ትልቁ አደጋ የእናንተ ገንዘብ መጥፋት ሳይሆን ቁልፉ መጋለጡ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው "ሰነፎች ናቸው" ይላል። እኔ ግን ይህን ምክንያታቸውን አልንቀውም።

ክፍያም ይጠይቃሉ። ለመጠን ያህል፣ ኮይንቤዝ በ2022 መጨረሻ በኢቴሬም ላይ የማይደግፋቸው ቶክኖች በስህተት ሲገቡ የሚመልስ አገልግሎት ሲጀምር፣ ከ100 ዶላር በላይ ለሆነው 5 በመቶ እንደሚያስከፍል ገልጾ ነበር። ያ የቶክን ስህተት ነው እንጂ የኔትወርክ ስህተት አይደለም፤ ሥራው ግን ተመሳሳይ ዓይነት ነው። ሌሎች ኤክስቼንጆች ቋሚ ክፍያ ይጠይቃሉ ወይም ከተወሰነ መጠን በታች ጉዳዩን አያዩም። የእናንተው ኤክስቼንጅ ደንብ ላይ ይህን ቀድማችሁ አንብቡ። የጠፋው 20 ዶላር ሆኖ ማስመለሻው ከዚያ ከበለጠ ነገሩን መተው ነው።

ለኤክስቼንጁ ስጽፍ ምን ልበል?

"ገንዘቤ ጠፋ፣ እባካችሁ እርዱኝ" ብላችሁ ከጀመራችሁ የሚመለስላችሁ የተዘጋጀ መልስ ነው። በመጀመሪያው መልእክት ላይ ሁሉንም አስገቡ። TXID-ው፣ ገንዘቡ የገባበት ኔትወርክ፣ የቶክኑ የኮንትራት አድራሻ፣ መጠኑ፣ የተቀባዩ አድራሻና የአካውንታችሁ መለያ ቁጥር። ከዚያም ያ አድራሻ ለእናንተ መመደቡን የሚያሳይ የማስገቢያ ገጹን ስክሪንሾት አያይዙ። ገንዘቡ ከራሳችሁ ዋሌት ከሆነ የወጣው ያንንም ተናገሩ፤ ባለቤትነቱን እንድታረጋግጡ ሊጠይቁ ይችላሉ።

የምትጽፉት በመተግበሪያው ውስጥ ባለው የድጋፍ መስመር ብቻ ይሁን። ቴሌግራም ላይ በኤክስቼንጁ ስምና አርማ የተከፈቱ "ድጋፍ ሰጪዎች" የትየለሌ ናቸው። በየቀኑ አዲስ ጥያቄ እየከፈታችሁ አታጨናንቁ፤ አንዱን ይዛችሁ እዚያው ላይ ቀጥሉ።

የኤክስቼንጁን አድራሻ ሜታማስክ ላይ ባስገባው አይሠራም?

አይሠራም። አድራሻ ማስገባት ማየት ብቻ ነው የሚያስችለው። ለማንቀሳቀስ ቁልፉ ያስፈልጋል፤ ኤክስቼንጅ ደግሞ ቁልፍ ለማንም አይሰጥም።

አድራሻው ኮንትራት ከሆነስ?

ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰዎች የቶክኑን ኮንትራት አድራሻ ቀድተው ራሱ ላይ ሲልኩ ነው። ዩኤስዲቲን ወደ ዩኤስዲቲ ኮንትራት። ከላይ ያያችሁትን To የሚለውን አድራሻ ተቀባይ መስሏቸው ቀድተው የሚልኩ አሉ። ያ አድራሻ ቁልፍ የለውም። በኮንትራቱ ኮድ ውስጥ የገባን ቶክን የሚያወጣ ትዕዛዝ ካልተጻፈ ማንም አያወጣውም።

ሁለተኛው ረቀቅ ይላል። እንደ Safe ያሉ ብዙ ፈራሚ ያላቸው ዋሌቶች ራሳቸው ኮንትራት ናቸው። አድራሻቸው ከእናንተ ቁልፍ በቀጥታ አይወጣም። በኢቴሬም ላይ የከፈታችሁት እንዲህ ያለ ዋሌት በሌላ ኔትወርክ ላይ በዚያው አድራሻ ላይኖር ይችላል። ገንዘብ ከተላከ ገና ያልተሠራ ቤት አድራሻ ላይ ቁጭ ይላል።

የዚህ ታዋቂው ምሳሌ በ2022 ኦፕቲሚዝም በተባለው ኔትወርክ ላይ የደረሰው ጉዳይ ነው። የኦፕቲሚዝም ፋውንዴሽን ለዊንተርሚዩት የተባለው የገበያ ድርጅት 20 ሚሊዮን የኦፒ ቶክን ላከ። ዊንተርሚዩት የሰጠው አድራሻ በኢቴሬም ላይ ያለ የብዙ ፈራሚ ዋሌቱን ነበር። በኦፕቲሚዝም ላይ ግን ያ ዋሌት አልተከፈተም። ድርጅቱ እሱን ለማስተካከል ሲዘጋጅ፣ አንድ ሌላ ሰው ቀደመው። በኢቴሬም ላይ ዋሌቱ የተከፈተበትን ሂደት በኦፕቲሚዝም ላይ መልሶ ሠርቶ በዚያው አድራሻ ኮንትራት ከፈተ፤ ቶክኖቹም በእሱ እጅ ገቡ። በኋላ 17 ሚሊዮኑን መልሷል።

ባለሙያ ያለው ድርጅት እንዲህ ከሆነ፣ እናንተ አድራሻው ኮንትራት መሆን አለመሆኑን አስቀድማችሁ ማየት አይጎዳችሁም። በኢቴርስካን ወይም ቢኤስሲስካን ላይ አድራሻውን ስትከፍቱ Contract የሚል ገጽ ካለው ኮንትራት ነው። አንዳንድ ኤክስቼንጆችም የማስገቢያ አድራሻቸው ኮንትራት ነው። "ቁልፉ አንድ ስለሆነ ያወጡታል" የሚለው ግምት እዚያ ላይ አይሠራም።

በቴሌግራም ስሸጥ ገዢው "በተሳሳተ ኔትወርክ ነው የላክኸው፣ ብሩን አልከፍልም" አለኝ። ማን ነው ትክክል?

በኤክስቼንጁ ውስጥ በሚደረግ ፒቱፒ፣ ማለትም የሰው ለሰው ግብይት፣ ይህ አይገጥምም፤ ቶክኑ ከኔትወርክ ጋር ሳይገናኝ በውስጥ ነው የሚዘዋወረው። ከዚያ ውጪ በሚደረግ ግብይት ግን ይገጥማል።

ገዢው የሰጠው የራሱ ሜታማስክ ወይም ትረስት ዋሌት አድራሻ ከሆነና TXID-ው በዚያ አድራሻ ላይ Success ካሳየ፣ ገንዘቡ እሱ ጋር ነው። ኔትወርክ ጨምሮ ያየዋል። "አልደረሰኝም" ማለቱ ካለማወቅም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሳትጣሉ አሳዩት። "ወንድሜ፣ ቢኤንቢ ስማርት ቼይንን ክፈተውና እየው" ብሎ አብሮ ማየት ስንት ክርክር ያበርዳል። የጋዟን ትንሽ ወጪ ሻጩ ቢችላት ደግሞ ነገሩ ቶሎ ያልቃል።

የሰጠው የኤክስቼንጅ አድራሻ ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ እሱም ላያገኘው ይችላል። ያኔ የሚታየው መልእክታችሁ ነው። አድራሻውን ሲልክ "በ TRC20" ወይም "በ BEP20" ብሎ ጽፎ ነበር? ጽፎ ከነበረና እናንተ ሌላ ከመረጣችሁ ጉዳቱ የላኪው ነው። ካልጻፈ ለእኔ ጥፋቱ የሁለታችሁም ነው።

TRC20 የሆነውን ወደ 0x አድራሻ ልልከው እችላለሁ?

አይሆንም። TRC20 ትሮን የተባለው ሌላ ኔትወርክ ነው፤ የትሮን አድራሻ በ T ይጀምራል፤ 34 ፊደልና ቁጥር አለው። ኤክስቼንጁ TRC20 መርጣችሁ 0x ስታስገቡ አይቀበልም። ስለዚህ የትሮን ስህተት ከዚህ ገጽ ጉዳይ በተለየ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያውም ይከሽፋል።

"በ10 ደቂቃ አስመልሳለሁ" የሚለኝ ሰው አለ። ልመነው?

አትመኑት። ምክንያቱን ከላይ አይታችኋል። ቁልፉ በእጃችሁ ከሆነ ማንም አያስፈልጋችሁም። ቁልፉ በኤክስቼንጅ እጅ ከሆነ ከኤክስቼንጁ በቀር ማንም አይችልም። መሀል ላይ ለሦስተኛ ሰው የሚሆን ሥራ የለም።

የሚሠሩት ዘዴ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ 12 ቃላችሁን ወይም "ዋሌታችሁን የምታረጋግጡበት" ሊንክ ይጠይቃችኋል። ሌላው ቅድሚያ ክፍያ ያስከፍላችኋል፤ ከዚያ "ታክስ" ይመጣል፣ ከዚያ "የማስለቀቂያ" ይመጣል። ግሩፕ ላይ "ገንዘቤ ጠፋ" ብላችሁ ከጻፋችሁ በደቂቃዎች ውስጥ በግል መልእክት የሚመጡት እነዚህ ናቸው።

የተገላቢጦሹም አለ። አንድ የማታውቁት ሰው "እኔ አዲስ ነኝ፣ ዋሌቴ ውስጥ ዩኤስዲቲ አለ፣ ማውጣት አቃተኝ" ብሎ 12 ቃሉን ራሱ ይለጥፍላችኋል። ስትከፍቱት እውነትም ዩኤስዲቲ አለ፤ የጎደለው ጋዝ ብቻ ነው። ጋዝ ስትልኩ በዚያው ቅጽበት ይወሰዳል። ወይ የሚያጸዳ ፕሮግራም ተተክሎበታል፣ ወይ የትሮን ዋሌት ከሆነ የመፈረም መብቱ ለሌላ ቁልፍ ተላልፏል። "ሳንቲም ለጋዝ ከፍዬ መቶዎቹን ላንሳ" ያለ ሰው ሳንቲሙን ያጣል።

ባንክ ወይም ፖሊስ ጋ ብሄድስ?

በኔትወርክ ስህተት ላይ የሚሠሩት ነገር የላቸውም። ባንክ ውስጥ ያልገባን ቶክን ባንክ አይመልስም። ብሔራዊ ባንክ በ2022 ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ እንደሆነና በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ እንደሆነ አስጠንቅቋል፤ ስለዚህ በክሪፕቶ ክርክር ላይ ጠንካራ ከለላ አትጠብቁ። አጭበርባሪ ብር በባንክ አስተላልፉልኝ ብሎ የበላችሁ ከሆነ ግን ጉዳዩ ማጭበርበር ነው። የዝውውር ማስረጃውን ይዛችሁ ቶሎ ማመልከት አለባችሁ።

ቢቆይ ይጠፋል? ስንት ጊዜ አለኝ?

በራሳችሁ ዋሌት ያለ ቶክን ጊዜ አያልፍበትም። 12 ቃሉ እስካለ ድረስ ከዓመት በኋላም ያው ነው።

ኤክስቼንጅ ጋ ያለው ግን ይለያል። ዛሬ የማይደግፉትን ኔትወርክ በኋላ ሊደግፉት ይችላሉ፤ ያኔ የዱሮ ጥያቄዎች ሊታዩ ይችላሉ። ተቃራኒውም አለ፦ አንድን ኔትወርክ መደገፍ ሊያቆሙ፣ የማስገቢያ አድራሻችሁን ሊቀይሩ ወይም አካውንታችሁ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ያልተመለሰ ገንዘብ ካላችሁ አካውንቱን አትዝጉ፣ የተመዘገባችሁበትን ኢሜይልና ስልክ ቁጥር አትቀይሩ፣ TXID-ውንና የጥያቄ ቁጥሩን ከስልካችሁ ውጪ በሌላ ቦታ ጻፉት።